ስለ ችግኝ ተከላ ጥሪ አጻጻፍ፤ የት እንገናኝ? ምን እንያዝ?



በትምህርት ቤታችን የዛፍ ተካዮች ክበብ ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ሁለት ዓመት አልፎኛል። የጸሐፊ ሥራ ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ የአባላትን ስም መመዝገብ፣ ከዚያም የክረምቱ ወራት ሲቃረብ በአንድ ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ ሥር ጥቂት መስመር ጽፎ በየግድግዳው መለጠፍ ነው። ይህ የመጨረሻው ሥራ ከሁሉ የቀለለ መስሎኝ ነበር። እንዳልቀለለ የተማርሁት ግን ብዙ ችግኝ ከደረቀ በኋላ ስለ ሆነ፣ የተማርሁትን በዚህ መጽሔት ላይ ላሰፍረው ፈለግሁ።

ሻሸመኔን የሚያውቅ ሰው አፈራችን ምን ዓይነት እንደ ሆነ ያውቃል። ከጥንት እሳተ ገሞራ የወረደ ልልና ቀላል አፈር ስለ ሆነ፣ ከምሥራቅ ከኮፈሌ በኩል የሚወርደው የክረምት ጎርፍ አንድ ጊዜ መንገድ ካገኘ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሰው የሚውጥ ቦረቦር ይሠራል። አዛውንቶች እንደሚነግሩን ከሙኔሳ እስከ ሻሸመኔ ባለው ዳገት ላይ የነበረው ደን ዛሬ ካለው እጅግ ሰፊ ነበር። ወደ ሐዋሳ በሚወስደው አቅጣጫ የነበረችው ጨለለቃ የተባለች ትንሽ ሐይቅም በቆዩት ካርታዎች ላይ ሐይቅ ሆና ተሥላ ትታያለች፤ ዛሬ ግን ረግረግ ናት። የኛም ክበብ የሚተክልበት ቦታ ከእነዚህ ቦረቦሮች አንዱ ነው። ቦታው ወደ ኮፈሌ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ሲሆን፣ ቦረቦሩ ከአንድ አባባ ማሳ እየቆረሰ በየዓመቱ ይሰፋል። ጥሪው በደንብ ተጽፎ ሰው በጊዜው ካልመጣ የሚቀረው ማሳ ያነሰ ይሆናል ማለት ነው።

በ2016 ዓ.ም. የጻፍሁት ማስታወቂያ ይህ ነበር፤ «ኑ ዛፍ እንትከል! ቅዳሜ ሐምሌ 13 ቀን ጧት በመገንጠያው ላይ እንገናኝ። አስፈላጊውን መሣሪያ ይዛችሁ ኑ።» ከበላዩም አንድ ያማረ የጥድ ደን ፎቶግራፍ ለጠፍሁበት። ጽሑፉን ለቤተ ሰቦቼ ሳነብላቸው ወንድሜ «እሰየው፣ ያምራል!» አለኝ። እማማ ግን ቡና እየቀዳች «የትኛው መገንጠያ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ሁሉም ሰው ያውቀዋል ብዬ መለስሁላት።

ሁሉም ሰው አላወቀውም። ሻሸመኔ የመንገዶች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የሚያልፈው ዋና መንገድ አለ፤ በምዕራብ በኩል በሐላባ አድርጎ ወደ ወላይታ የሚወስደው ይገነጠላል፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ በኮፈሌና በዶዶላ አድርጎ ወደ ባሌ የሚወስደው ይገነጠላል። ስለዚህ ግማሹ ሰው በወላይታው መገንጠያ ቆመ፤ ግማሹም በባሌው ቆመ። እኔ በባሌው ነበርሁ። ወዲያ ማዶ የቆሙት ሰዓት ተኩል ያህል ጠብቀው፣ የባጃጅና የጋሪ ጩኸት ሰልችቷቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሰው ቦታ ሲጠፋው ራሱን አይወቅስም፤ የጠራውን ይወቅሳል፤ ትክክልም ነው።

ከዚህ ስሕተት በኋላ መገናኛ ቦታ ስንመርጥ ሦስት ነገር ማየት ጀመርን። አንደኛ፣ ቦታው በከተማው ውስጥ አንድ ብቻ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ሰው ዝናብ ቢመጣ የሚጠለልበት፣ ከመኪና መንገድም የራቀ ሊሆን ይገባል። ሦስተኛም ችግኝ የጫነው ጋሪ ገብቶ ሊቆም የሚችልበት መሆን አለበት። በእነዚህ ሦስት መለኪያ ብንለካ ከትምህርት ቤታችን ዋና በር ውስጥ ካለው ትልቅ ዋርካ ሥር የተሻለ አላገኘንም። «በር ላይ» እንዳላልሁና «ከበሩ ውስጥ» እንዳልሁ አስተውሉ። በር ላይ የተባለ ሰው መንገድ ላይ ይቆማል።

አንድ ነገር ልጨምር። ተካዮችን በቀጥታ ከተከላው ቦታ ላይ መቅጠር የሚያምር ይመስላል፤ ግን አይበጅም። ቦረቦር ስም የለውም፤ ለእንግዳ «ከሦስተኛው የባሕር ዛፍ አጥር ወደ ግራ» ብሎ መግለጽም አይቻልም። በከተማ ተገናኝቶ አብሮ መሄድ ይሻላል።

ስለ ቀኑም የተሳሳትሁት በዚያው ማስታወቂያ ነው። ቅዳሜን የመረጥሁት ወላጆች ከሥራ ያርፋሉ ብዬ ነበር። በከተማችንና በኩየራ በኩል ግን ቅዳሜን ሰንበት አድርገው የሚያከብሩ ብዙ የአድቬንቲስት ምእመናን አሉ፤ ከክበባችን አባላት እንኳ አራቱ ከእነርሱ ናቸው። እሑድ የኦርቶዶክስና የሌሎችም ክርስቲያኖች ነው፤ ዓርብ ቀትር ደግሞ ሙስሊም ወንድሞቻችን ወደ መስጊድ ይሄዳሉ። እንግዲህ ለሁሉ የሚመች ቀን በሳምንቱ መካከል መፈለግ ነበረብን። በሐምሌ ትምህርት ቤት ዝግ ስለ ሆነ ይህ ለተማሪ አይከብድም፤ ለወላጅ ይከብዳል። ማክሰኞን መረጥን፤ ሥራውንም ከረፋዱ በፊት እንዲያልቅ አደረግነው። የወር በዓላትንም ተመለከትን። አንድ ጓደኛችን ሐምሌ 19ን ሐሳብ ቢያቀርብ የገብርኤል ክብረ በዓል መሆኑን መምህራችን አስታወሱን።

ሰዓቱን በሚመለከት «ጧት» የሚለው ቃል ሰዓት አይደለም። ለገበሬ ጧት 12 ሰዓት ነው፤ ለኔ ታናሽ እኅት 3 ሰዓት ነው። ስለዚህ «ከጧቱ 1 ሰዓት ከ30» ብሎ መጻፍ ይገባል። ከውጭ አገር መጥተው በከተማችን የሰፈሩ ወንድሞችና እኅቶች ስላሉ ደግሞ፣ ይህ በፈረንጅ አቆጣጠር 7 ሰዓት ከ30 መሆኑን በአንዲት መስመር መጨመር ጠቃሚ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተቴ ልምጣ። በዚያን ቀን ጧት ከባድ ዝናብ ዘነበ። ሰዎች በየቤታቸው ሆነው «ዛሬማ ይቀራል» ብለው ተቀመጡ። ችግኝ ለመትከል ግን ከዝናብ የተሻለ ቀን የለም። ችግኙ ከላስቲኩ ወጥቶ አዲስ አፈር ውስጥ ሲገባ ቀጭን ሥሮቹ ይቆረጣሉ፤ ለጥቂት ቀናት ውሃ መሳብ ያቅተዋል፤ ቅጠሉ ግን በፀሐይ መትነኑን አያቆምም። ደመናና ዝናብ ያለበት ቀን ይህን ያስታግሥለታል። መሰረዝ ያለበት ተከላ በደረቅ ቀን የተቀጠረው ነው። ይህም በቀላሉ ይታወቃል፤ ጉድጓዱ ውስጥ እጅን አስገብቶ ከአንድ ስንዝር ጥልቀት አፈር ዘግኖ መጭመቅ ነው። እጅ ሲፈታ አፈሩ ተጠቅልሎ ከቀረ ይተከላል፤ ከተበተነ ሌላ ዝናብ መጠበቅ ይሻላል። ስለዚህ በማስታወቂያው ላይ «ዝናብ ቢዘንብም ሥራው አይቀርም» የሚለው መስመር የግድ ያስፈልጋል። መብረቅ ካለ ግን ማንም ሜዳ ላይ አይቆምም፤ እስኪያልፍ በትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ይጠበቃል።

ሌላው ነገር የሰው ቁጥር ነው። ሰው በበዛ ቁጥር ሥራው የሚያምር ይመስለናል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት ባስታወቀ ጊዜ፣ ትንሽ ልጅ ሆኜ በሰልፍ መካከል አንድ ችግኝ መትከሌን አስታውሳለሁ። ያን ዕለት የኔን አንድ ጉድጓድ አምስት ሰው ከቦት ነበር። በ2017 ዓ.ም. ግን ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ የተማሩ አንድ ባለ ሙያ ጠጋ ብለው ሒሳቡን እንድንሠራ መከሩን፤ እኔም በደብተሬ ላይ ሠራሁት።

ያለን ችግኝ 600 ነበር። በሁለት ችግኝ መካከል በሁሉም አቅጣጫ ሁለት ሜትር ተኩል ስንተው፣ አንዱ ችግኝ 6 ካሬ ሜትር ከሩብ ይይዛል፤ 600ው ደግሞ 3,750 ካሬ ሜትር ይይዛሉ። ይህ ከአንድ ሄክታር ሲሶ ጥቂት ይበልጣል። ሁለት ሰው ተጋግዞ አንዱን ችግኝ በጥንቃቄ ለመትከል ስድስት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ስልሳ ሰው ሠላሳ ጥንድ ነው፤ ለያንዳንዱ ጥንድ ሃያ ጉድጓድ ይደርሰዋል፤ ሃያ ጊዜ ስድስት መቶ ሃያ ደቂቃ፣ ማለት ሁለት ሰዓት ነው። ለጧት ሥራ ይህ ልክ ነው። ሁለት መቶ ሰው ቢመጣ ግን ለአንድ ሰው ሦስት ችግኝ ብቻ ይደርሳል፤ የቀረው ሰው በሜዳው ላይ ሲመላለስ የተቆፈረውን አፈር ይረግጣል፤ ርጥብ አፈር ከተረገጠ ደግሞ እንደ ጡብ ይጠነክራል። ስለዚህ በጥሪው ላይ «60 ሰው እንፈልጋለን፤ እስከ ሐምሌ 5 ቀን ስማችሁን አስመዝግቡ» ብለን ጻፍን። አንዳንድ ሰው «ዛፍ ለመትከልም ምዝገባ?» ብሎ ሳቀብን።

እንግዲህ «ምን እንያዝ?» ወደሚለው እንለፍ። «አስፈላጊውን መሣሪያ» ብሎ መጻፍ ምንም እንዳለመጻፍ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከመጡት ሰዎች አብዛኞቹ ዶማ ይዘው መጡ፤ ጉድጓዱ ግን አስቀድሞ በሰኔ ተቆፍሮ ነበር። ጉድጓድ ሲቆፈር ወርዱም ጥልቀቱም 40 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ የላይኛው ጥቁር አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛው ደግሞ በሌላ ወገን ይከመራል፤ በተከላ ቀን ጥቁሩ አስቀድሞ ወደ ሥሩ ይመለሳል። ስለዚህ በዕለቱ ዶማ አያስፈልግም ነበር። የሚያስፈልገው ማንም ያላመጣው ምላጭ ነበር።

ስለ ምላጩ ጥቂት ላብራራ። ችግኝ የሚያድገው በጥቁር ላስቲክ ውስጥ ነው። ሥሩ ወደ ታች ወርዶ ላስቲኩን ሲነካ መውጫ ስለሚያጣ እንደ ገመድ ይጠመዘዛል። ስለዚህ ከመትከል በፊት የላስቲኩ ታች አንድ ጣት ያህል ከተጠመዘዘው ሥር ጋር በምላጭ ይቆረጣል፤ ቀጥሎ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ይቀደድና ላስቲኩ ይወጣል፤ አፈሩ ግን ሳይበተን እንዳለ ይቀራል። ምላጭ ያጣ ሰው ሁለት ነገር ያደርጋል። ወይ በእጁ ይቦጫጭቀዋል፤ በዚህ ጊዜ አፈሩ ፈራርሶ ሥሩ ራቁቱን ይቀራል። ወይም ደግሞ ከነላስቲኩ ይቀብረዋል። ከነላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ በክረምት ያታልላል፤ ዝናቡ ከላይ ስለሚያጠጣው ለምልሞ ይታያል። ዝናብ ሲያቆም ሥሩ ከላስቲኩ መውጣት ስለማይችል በጥቅምትና በኅዳር ይደርቃል።

እኛም በኅዳር 2017 ዓ.ም. ሄደን የደረቁትን ብንስባቸው ብዙዎቹ ያለ ምንም ትግል ተነቀሉ። የሥራቸው አፈር የላስቲኩን ቅርጽ እንደ ያዘ ነበር፤ አንዳንዱም ላስቲኩ ራሱ አልወለቀም ነበር። ያን ጊዜ አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ምንም አልተናገረም፤ እኔ ግን በዚያ ማስታወቂያ ላይ አንዲት ቃል ባለመጻፌ የሆነ መሆኑን አውቅሁ። የማሳው ባለቤት አባባም አንዱን ደረቅ ችግኝ በእጃቸው ይዘው አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ ይህ የተቀበረ እንጂ የተተከለ አይደለም» አሉኝ።

ከምላጭ ቀጥሎ የሚያስፈልገው መሸከሚያ ነው። ውሃ የጠጣ አንድ ችግኝ ከነአፈሩ አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል። 600 ችግኝ እንግዲህ ስድስት ኩንታል ነው። ጋሪው ከመንገዱ ዳር ያራግፋል፤ ከዚያ እስከ ቦረቦሩ ያለው ጭቃ ስለ ሆነ በሰው ጀርባ ነው የሚሄደው። ችግኝ በግንዱ ተይዞ ከተንጠለጠለ ሥሩ ከአፈሩ ይላቀቃል። ስለዚህ ሰው ቅርጫት ወይም ባዶ ማዳበሪያ ይዞ ይምጣ አልን፤ አምስት አምስት አቁሞ ሁለት ጊዜ ቢመላለስ የድርሻውን አሥሩን አደረሰ። ያው ማዳበሪያ ሲመለስ የወለቀውን ላስቲክ ይሰበስባል፤ ካልተሰበሰበ ከብት ይበላዋልና።

የቀረው አጭር ነው። ጃንጥላ ሁለት እጅ ለሚፈልግ ሥራ አይሆንም፤ የዝናብ ልብስ ወይም የሚደረብ ላስቲክ ይሻላል። ጫማ ለጭቃ የሚሆን፣ ስንቅ ደግሞ ቆሎና የሚጠጣ ውሃ ይበቃል። ለችግኙ ውሃ መሸከም በሐምሌ አያስፈልግም። ምላጩን ትናንሽ ልጆች እንዳይዙ፣ ከየጥንዱ ትልቁ እንዲይዝ አደረግን።

ፎቶግራፉንም ለወጥነው። ያማረ ደን የሚያሳይ ፎቶግራፍ የሠራነውን እንጂ የምንሠራውን አይናገርም፤ ደኑም የኛ አልነበረም። በ2017 ዓ.ም. አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ቦረቦሩ ውስጥ አቁመን ከላይ አነሣነው፤ ከራሱ በላይ አንድ ክንድ ያህል የአፈር ግድግዳ ይታያል፤ ከግድግዳውም ጫፍ ላይ የአባባ በቆሎ ቆሟል። ከሥሩም ይህን ጻፍሁ፤

«ይህ ቦረቦር ወደ ኮፈሌ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ያለ ነው። በዳሩ 600 የግራቪሊያና የዋንዛ ችግኝ እንተክላለን። ማክሰኞ ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጧቱ 1 ሰዓት ከ30 ከትምህርት ቤታችን ዋና በር ውስጥ ከዋርካው ሥር እንገናኝ። 2 ሰዓት ሲሆን እንነሣለን፤ 5 ሰዓት እንመለሳለን። የሚፈለገው 60 ሰው ነው፤ እስከ ሐምሌ 5 ቀን ተመዝገቡ። ይዛችሁ ኑ፤ ምላጭ፣ ቅርጫት ወይም ባዶ ማዳበሪያ፣ የዝናብ ልብስ፣ የጭቃ ጫማ፣ ስንቅና የሚጠጣ ውሃ። ዶማ አያስፈልግም፤ ጉድጓዱ ተቆፍሯል። ዝናብ ቢዘንብም ሥራው አይቀርም።»

ከዚህ ሥር አንዲት የክበባችን አባል ያንኑ በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ጻፈችው። ቃል በቃል አልተረጐመችውም፤ ዋንዛን «ዋዴሳ» አለችው፤ የማሳውን ጎረቤቶች የሚያውቁት በዚያ ስም ነውና። ከሁለቱ ጽሑፍ ብዙ ሰው ያመጣው የእርሷ መሆኑን ምዝገባው ላይ ቆሜ አይቻለሁ። የገጠሩ ወላጆች መጥተው የጠየቁት በእርሷ ቃል ነበር።

ዕለቱ ሲደርስ 64 ሰው መጣ። ዘነበ፤ ማንም ግን አልቀረም። ተክለን እንደ ጨረስን ባለ ሙያው በየጥንዱ እየዞሩ አንድ ቅጠል በሁለት ጣት ይዘው ይጎትቱ ነበር። ቅጠሉ ከተቀነጠሰና ችግኙ ካልተነቃነቀ አፈሩ በደንብ ተረግጧል ማለት ነው። ችግኙ ተነቅሎ ከወጣ «ድገሙት» ይሉ ነበር። የኔና የጓደኛዬ ሁለቱ ተነቅለው ወጡ፤ ደገምናቸው።

በኅዳር 2018 ዓ.ም. ስንቆጥር ከ600ው 438ቱ ቆመው አገኘን፤ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ማለት ነው። የሞቱትን 162 እየነቀልን መረመርን። ከነላስቲኩ የተቀበረ ሁለት ብቻ ነበር። የሚበዙት ዋንዛዎች ሲሆኑ፣ ቅጠላቸውም ጫፋቸውም ተበልቶ ግንዳቸው ብቻ ቀርቶ ነበር፤ የፍየልና የከብት ሥራ ነው። ግራቪሊያን ከብት ብዙም ስለማይወደው ከእርሱ የሞተው ጥቂት ነበር። ይህ በማስታወቂያ አጻጻፍ የሚድን ጉዳይ አይደለም። ለተከላ ቀን የሚጠራ ጥሪ ሰው ለአንድ ጧት ያመጣል፤ ፍየሏ ግን በየቀኑ ትመጣለች። ስለዚህ ከአባባና ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተነጋግረን በዳሩ የእሾህ አጥር ለማጠር ተስማማን፤ እሾኹን እነርሱ ይቆርጣሉ፣ እኛ እንሸከማለን።

የዘንድሮው ማስታወቂያ ከዚህ የተነሣ አጭር ይሆናል። የምንተካው 162 ችግኝ ብቻ ስለ ሆነ የምንፈልገው 20 ሰው ነው፤ ለያንዳንዱ ጥንድ 16 ጉድጓድ ይደርሰዋል፤ ሁለት የተረፉትን እኔ እተክላለሁ። ቀኑ ማክሰኞ ሐምሌ 7 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሰዓቱ ከጧቱ 1 ሰዓት ከ30፣ ቦታውም ያው ከዋርካው ሥር ነው። ከምላጩና ከማዳበሪያው ጋር በዚህ ዓመት ወፍራም የእጅ ጓንት ይጨመራል፤ ለእሾኹ ነው።